«በማንኛውም ቦታና ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ»፦ ከመቱ እስከ ቡሬ የሥራ ጥሪን በኢሜይል ስለመቀበል የተደረገ ዳሰሳ

በመቱም በጎሬም ሥራ ያመለከተ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በማንኛውም ቦታና ሰዓት የሚሰጠኝን ሥራ በታማኝነትና በትጋት ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ» ትላለች። ማመልከቻ ጸሐፊው ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከፊርማው ከፍ አድርጎ ያስቀምጣታል። ልጅ ከአባቱ ይማራታል፤ ተመራቂ ከቀደመው ተመራቂ ይገለብጣታል። ማመልከቻ ላይ ስትጻፍ ጉዳት የላትም። አመልካች ገና ምንም አልተሰጠውም፣ ምንም አልተዋዋለም፤ ቃሉ የትጋት መግለጫ ብቻ ነው፣ ቀጣሪውም እንደዚያው አንብቦት ያልፋል።

ይህቺው ዓረፍተ ነገር ከማመልከቻው ወጥታ ወደ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀጣሪው «ይህን ሥራ፣ በዚህ ደመወዝ፣ በዚህ ቦታ ሰጥተንሃል፤ ትቀበላለህ ወይ?» ብሎ በጻፈው ኢሜይል ላይ የሚላክ መልስ ማመልከቻ አይደለም። የውሉ ሁለተኛ እጅ ነው። እዚያ ላይ «በማንኛውም ቦታ» የሚል ሰው ያልተጠየቀውን እየሰጠ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ይኸው ነው፦ በኢሉባቦር ከተሞች ያለ ሥራ ፈላጊ የመጣለትን የሥራ ጥሪ ሲቀበል፣ የተስማማበትን በግልጽ አስፍሮ፣ ያልተስማማበትን ሳያስገባ እንዴት ይጻፍ?

ጉዳዩ የሚነካው ሁሉንም ተቀጣሪ አይደለም። በዞንና በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በመቱ ካርል ሆስፒታል ወይም በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀጠር ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጥሪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ቅጥሩም ክብ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ይፈጸማል፣ የሚገዛውም የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። የኢሜይሉ መንገድ የሚበዛው በግል ድርጅቶችና በተለይም በግብረ ሠናይ ድርጅቶች ዘንድ ነው። መቱ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ለሚመለከት ነርስ፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የውኃ ቴክኒሻን ትልቁ የእንዲህ ዓይነት ሥራ በር ያለው በምዕራብ ነው። መንገዱ በጎሬና በቡሬ አልፎ ወደ ቆላው ይወርድና ጋምቤላ ይደርሳል። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በሰፈሩባቸው በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጄዊና በፑኚዶ መጠለያዎች የሚሠሩ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚያወጡት በኢንተርኔትና በቴሌግራም ነው፤ ፈተናው በስልክ ይሆናል፣ ጥሪውም በኢሜይል ይመጣል። እጩውና ቀጣሪው ፊት ለፊት ሳይተያዩ ውሉ ይታሰራል። ስለዚህ የተጻፈው ቃል የገጽ ለገጽ ንግግር የሚሸከመውን ሸክም ሁሉ ለብቻው ይሸከማል።

ሕጉ ምን ይላል የሚለውን አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ኢሜይል ነው እንጂ ውል አይደለም፣ ውሉን ስሄድ እፈርማለሁ» ብሎ ይዘናጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በልዩ ሕግ ካልታዘዘ በቀር የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። አንድ ሰው በደመወዝ፣ በአሠሪ መሪነት ሥር ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መንገድ ሲስማማ ውሉ ተመሥርቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም በሚል መሠረት ላይ የቆመ ነው። በተለያየ ቦታ ባሉ ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል የሚመሠረተው መቀበሉ በተላከበት ቦታና ጊዜ እንደሆነ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንግጓል። እንግዲህ ጎሬ ላይ ተቀምጦ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጽፎ የላከ ሰው ጋምቤላ ሄዶ እስኪፈርም አልጠበቀም። የላከባት ቅጽበት ናት የምትቆጠረው።

በዚሁ ሕግ ውስጥ፣ በቁጥር 1694፣ ለጉዳያችን ዋና የሆነ አንድ ሐሳብ አለ። የቀረበውን ሐሳብ ከነልዩነት ወይም ከነቅድመ ሁኔታ የተቀበለ ሰው እንዳልተቀበለ ይቆጠራል፤ የጻፈውም አዲስ ሐሳብ ይሆናል። ይህን ቀስ ብሎ ማሰብ ያሻል። «ሥራውን ተቀብያለሁ፤ ሆኖም የቤት አበል ይጨመርልኝ» ብሎ የጻፈ ሰው በራሱ ልብ ተቀብሎ ጥያቄ ያነሣ ይመስለዋል። በሕጉ ዓይን ግን የመጀመሪያውን ጥሪ ገፍቶ የራሱን ጥሪ አቅርቧል። ቀጣሪው አሁን ነጻ ነው፤ ሊስማማም፣ ዝም ሊልም፣ ቀጥሎ ያለውን እጩ ሊጠራም ይችላል። ዝምታው ደግሞ በመርሕ ደረጃ መስማማት አይደለም። ብዙ ወጣት «ተቀብዬ ሳለሁ ሌላ ሰው ቀጠሩ» ብሎ ሲያዝን የሚሰማው ቅሬታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዱ አደጋ በመጨመር ሲመጣ ሌላው በመጠየቅ ይመጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው ያልተስማሙበትን ግዴታ ያስገባል፤ ሁለተኛው የተስማሙበትን ጥሪ ያፈርሳል። ሁለቱም የሚበቅሉት ከአንድ ሥር ነው፤ መልሱን እንደ ማመልከቻ ከመጻፍ። ማመልከቻ ምስጋናን፣ ትሕትናን፣ ተስፋንና ልመናን በአንድ ወረቀት ላይ ያስተናግዳል፤ የመቀበያ መልስ ግን ይህን ሁሉ አይችልም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በመቱ ከተማ የግል ክሊኒክ የምትሠራ፣ ቤተሰቦቿ ጎሬ ያሉ ነርስ እናስብ። ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢሜይል ደረሳት። ተያይዞ የመጣው ደብዳቤ የሥራ መደቡ ነርስ፣ የሥራ ቦታው ጋምቤላ ከተማ ሆኖ ወደ ጄዊ መጠለያ ምልልስ ያለው፣ ደመወዙ በወር 18,000 ብር፣ ውሉ የ12 ወር፣ የሙከራ ጊዜው 3 ወር፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን 02/03/2026 መሆኑን ይገልጻል። ቅጥሩ የሚጸናው የሕክምና ምርመራ ውጤትና አንድ ተያዥ ሲቀርብ ነው ይላል፤ መልስ የሚጠበቀው እስከ ጥር 21 ነው። በስልክ ቃለ መጠይቁ ጊዜ ደግሞ የሰው ሀብት ሠራተኛው «እጅሽ ላይ 18 ሺሕ ይደርሳል» ብሏት ነበር።

በደስታዋ መጠን ቢሆን የምትጽፈው ይህን ይመስል ነበር፦

«ስለተሰጠኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራውን በታላቅ ደስታ ተቀብያለሁ። በአስቸኳይ ለመጀመር፣ ድርጅቱ ወደሚመድበኝ ማንኛውም ቦታ ለመሄድና ቅዳሜና እሑድም ሆነ ሌሊት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። በተነጋገርነው መሠረት ደመወዙ የተጣራ 18,000 ብር እንደሚሆንና የቤት ጉዳይም እንደሚታሰብልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ተያዥም የፈለጋችሁትን ያህል አቀርባለሁ።»

ይህን መልስ ከላይ እስከ ታች ብናነብበው ከምስጋናውና «ተቀብያለሁ» ከሚለው በቀር እያንዳንዱ ሐረግ ውሉን ይነካል። «በአስቸኳይ» ብላ የመነሻ ቀኑን ክፍት አደረገችው፤ ቀጣሪው በማግስቱ «እንግዲያው ሰኞ ነይ» ቢላት ምን ትመልሳለች? «ማንኛውም ቦታ» ብላ ጋምቤላ የሚለውን ቃል ሰረዘችው። ነገ ወደ ሌላ ክልል ብትመደብ የራሷ ኢሜይል ይቀርብባታል። ስለ እሑድና ስለ ሌሊት የጻፈችውን ማንም አልጠየቃትም፤ አዋጁ መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኖ ከዚያ በላይ ያለውን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲያስከብር፣ እርሷ ክፍያውን ሳታነሣ ሰዓቱን አቀረበች። ደመወዙ ላይ «የተጣራ» የሚል፣ በደብዳቤው ውስጥ የሌለ ቃል ጨመረች፤ ይህ ከላይ ያየነው ልዩነት ነው፣ መቀበሏን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ቤቱን በተስፋ አነሣችው፤ ተስፋ ደግሞ መልስ አያስገድድም። ተያዡ አንድ ነበር፤ እርሷ ቁጥሩን ለቀቀችው። ተያዥ መሆን ለሚቆመው ዘመድ ከባድ ሸክም በመሆኑ በዚህኛው ጉዳይ ሌላ ሰውንም ጭምር ዕዳ ውስጥ አስገባች።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ኢሜይል ነው፤ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ መቀበል። እነዚህን አለመቀላቀል ነው ዋናው ጥበብ። ሰባት ቀን ተሰጥቷታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት መቀበያ ቀን ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ቀኑ እስኪያልፍ በቃሉ ይታሰራል። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ውስጥ ግልጽ ያልሆነውን መጠየቅ ጥሪውን አያፈርስም፤ ያልተቀበለ ሰው ጠየቀ እንጂ ተቀብሎ የቀየረ የለም። ጥያቄውም «ይጨመርልኝ» የሚል ሳይሆን «ምን ማለት ነው» የሚል ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ጊዜ፣ እስከ ጥር 21 ድረስ፣ መልሴን ለመላክ እንድችል ሁለት ነገር እንዲያብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። 18,000 ብር የተባለው ግብርና የጡረታ መዋጮ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? የሥራ መጀመሪያ ቀን 02/03/2026 የተባለው ማርች 2፣ ማለትም የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው?»

የደመወዙ ጥያቄ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ቁጥሩን እናስላው። ከ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ በኋላ ባለው የግብር ሰንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ የወር ደመወዝ በ35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። የ18,000 ብር 35 በመቶ 6,300 ነው፤ 2,050 ሲነሣለት ግብሩ 4,250 ብር ይሆናል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል፤ ይህም 1,260 ብር ነው። እጇ ላይ የሚደርሰው እንግዲህ 12,490 ብር ነው። 18,000 ብር በእርግጥ እጇ ላይ እንዲደርስ ከተፈለገ ድርጅቱ በወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት 27,500 ብር ነበር። «ግሮስ» እና «ኔት» በሚባሉት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። በስልክ «እጅሽ ላይ» የተባለውን አምና ደብዳቤውን የተቀበለች ነርስ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የምታገኘው ከጠበቀችው 5,510 ብር ያነሰ ነው፤ ለመከራከር የያዘችው ደግሞ ማንም ያልጻፈው የስልክ ቃል ብቻ ነው።

ቀኑም የዋዛ አይደለም። 02/03/2026 አንዱ ቀንን አስቀድሞ ማርች 2 ብሎ ያነብበዋል፤ ሌላው ወርን አስቀድሞ ፌብሩዋሪ 3 ይለዋል። የመጀመሪያው የካቲት 23 ነው፣ ሁለተኛው ጥር 26። በሁለቱ መካከል ከሦስት ሳምንት በላይ አለ። በሀገራችን ሁለት ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ቀን ሁልጊዜ በወር ስም፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ቢጻፍ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ ዕለቱ «ሰኞ» ከተባለና የተጻፈው ቀን ማክሰኞ ላይ ከዋለ አንድ ነገር እንደተዛባ ወዲያው ይታያል። ሰዓትም እንዲሁ። «በ2 ሰዓት ተገኚ» የሚል መልእክት በኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈው ሰው ከሆነ ግን ቀኑ ተጋምሷል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ማለት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው።

የቀኑ ጉዳይ ከአሁኑ አሠሪዋ ጋር ያላትንም ነገር ይወስናል። በአዋጅ 1156 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ሳይሰጥ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ጥር 22 የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ለክሊኒኩ ብትሰጥ 30ው ቀን የካቲት 22፣ እሑድ ይሞላል፤ በማግስቱ የካቲት 23 ጋምቤላ ሥራ መጀመር ትችላለች፣ ያውም ጉዞውን ቀድማ ካላሰበችበት እጅግ ጠባብ ነው። ጥር 26 ቢሆን ኖሮ ግን በምንም መንገድ አይደርስም። «በአስቸኳይ» የምትለው ቃል የምታስከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱን ቀጣሪ ለማስደሰት የተጻፈች አንዲት ቃል ለአሮጌው ቀጣሪ የወር ደመወዝ ታስቆርጣለች። በዚሁ አጋጣሚ መልቀቂያው ከመቀበያው ኢሜይል በፊት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል። ደብዳቤው ላይ «የሚጸናው የሕክምና ውጤትና ተያዥ ሲቀርብ ነው» ከተባለ ደግሞ ምርመራውንና ተያዡን መጨረስ፣ ካልሆነም ቀጣሪው ተሟልቷል ብሎ እስኪጽፍ መጠበቅ የተሻለ ነው። ይህ ሦስት አራት ቀን ቢወስድ የመነሻ ቀኑን በዚያው ልክ እንዲገፉላት ከመቀበሏ በፊት፣ በመጀመሪያው የጥያቄ ኢሜይል ውስጥ ማንሣት ነበረባት። እኔ ብሆን ሦስተኛ ጥያቄ አድርጌ እጨምረው ነበር።

ቀጣሪው መለሰ እንበል። ደመወዙ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ 18,000 ብር ነው፣ መነሻው ማርች 2 ነው። በስልክ የሰማችው ስሕተት ነበር ማለት ነው። አሁን ውሳኔው የእርሷ ነው፤ 12,490 ብር ከመቱ ኑሮዋ የሚያስነሣት መሆን አለመሆኑን ከቤተሰቧ ጋር ትምከርበት። ደመወዝ ለመደራደር ከፈለገችም አሁን ነው፤ አዲስ ሐሳብ እያቀረበች መሆኑን፣ ጥሪውም ሊቀርባት እንደሚችል አውቃ። ልትቀበል ከወሰነች ግን ኢሜይሏ እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የነርስነት ቅጥርን ስለመቀበል

ጤና ይስጥልኝ። ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በላኩልኝ ደብዳቤና ጥር 18 በሰጡኝ ማብራሪያ መሠረት የነርስነት ሥራውን ተቀብያለሁ። የተስማማነው እንደሚከተለው መሆኑን አረጋግጣለሁ። የሥራ ቦታው ጋምቤላ ከተማ ሆኖ በደብዳቤው እንደተገለጸው ወደ ጄዊ መጠለያ ምልልስ አለው። ደመወዙ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ በወር 18,000 ብር ነው። ውሉ የ12 ወር ሲሆን ሥራ የምጀምረው ሰኞ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 2 ቀን 2026) ነው። የሕክምና ምርመራ ውጤትና አንድ ተያዥ አቀርባለሁ። ሌላው ሁሉ በደብዳቤዎ እንደተጻፈው ነው። አመሰግናለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ ነገር የለም፤ ብርታቱም ከዚያ ነው። «ተቀብያለሁ» የምትለው ቃል አንድ ጊዜ፣ ያለ «ሆኖም»፣ ያለ «ተስፋ አደርጋለሁ» ተቀምጣለች። የቀጣሪው ቃላት በራሱ አጻጻፍ ተደግመዋል፤ «ምልልስ» ያለውን «ጉብኝት» ብላ አልለወጠችውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የተለወጠ ቃል ነገ የሚጠየቅበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። «ሌላው ሁሉ በደብዳቤዎ እንደተጻፈው ነው» የምትለው መጨረሻ ደግሞ ያልደገመችው ነገር የተተወ እንዳይመስል ትጠብቃለች። ምስጋናው አጭር ነው። ትሕትና ጠፋ ብሎ የሚከፋ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን በጊዜው፣ በትክክል፣ አንባቢውን ሳያደክም የተጻፈ መልስ ከሁሉም የላቀ አክብሮት ነው እላለሁ።

የሙከራ ጊዜውን ሆን ብላ ሳትደግመው አለፈች። ደብዳቤው 3 ወር ይላል፤ አዋጁ ግን የሙከራ ጊዜ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት፣ ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት መሆኑ ነው። ሦስት ወር ከዚህ ይዘልቃል። በመቀበያው ላይ «3 ወር» ብሎ በራስ ብዕር ማረጋገጥም፣ «60 ቀን ይሁን» ብሎ ልዩነት ማስገባትም አያስፈልግም፤ አዋጁ ለሠራተኛው ከሕጉ ያነሰ ጥቅም የሚሰጥ ስምምነትን ስለማያጸና ጉዳዩ ሲነሣ ሕጉ ይበቃል።

ስለ አላላኩም ጥቂት ልበል። መልሱ ደብዳቤው በመጣበት ኢሜይል ላይ እንደ መልስ ይላክ እንጂ አዲስ መልእክት ሆኖ አይጻፍ፤ እንዲህ ከሆነ ጥሪው፣ ጥያቄው፣ ማብራሪያውና መቀበሉ በአንድ ክር ተሰፍተው ይኖራሉ። ደብዳቤው ተፈርሞ እንዲመለስ ከተጠየቀ በፎቶ ኮፒ ቤት አትሞ፣ ባዶ የተተወ የደመወዝ ወይም የቀን መስመር ካለ ሳይሞሉ አለመፈረም፣ በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማ ማኖር፣ ስካን ሲደረግ ገጾቹ ሁሉ መግባታቸውን ማየት ይገባል። በዚያ ቤት ኮምፒዩተር ኢሜይሉን የከፈተ ሰው ዘግቶት ይውጣ፤ ከኋላ የሚመጣው ደንበኛ በስሙ ሊልክበት ይችላል። መልሱም ለመጨረሻው ቀን አይቆይ። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ የተዘጋበትን ሳምንታት የቆጠረ ሰው ቀነ ገደብና ኔትዎርክ አብረው እንደማይታመኑ ያውቃል። መስመር ከተቋረጠ ደውሎ መናገርና የደወሉበትን ቀን መዝግቦ መያዝ፣ መስመሩ ሲመለስም «ትናንት በስልክ እንዳስታወቅሁት» ብሎ መጻፍ ነው።

ከመጠን በላይ ጽፎ የላከስ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ፍጥነት። የመቀበያ ቃል ቀጣሪው ከማወቁ በፊት ወይም አብሮት በደረሰው የመሻር ቃል ሊነሣ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል፤ ኢሜይል ግን በደቂቃ ስለሚነበብ ይህ በር ጠባብ ነው። ከተነበበ በኋላ የሚረዳው ማጥበቢያ ኢሜይል ነው፦ «ትናንት በላክሁት መልስ ‹ማንኛውም ቦታ› ያልሁት የሥራ ፍላጎቴን ለመግለጽ እንጂ በደብዳቤዎ ከተጻፈው የሥራ ቦታ ውጪ አዲስ ግዴታ ለመግባት አለመሆኑን አስታውቃለሁ።» ቀጣሪው «ገብቶናል» ብሎ ከመለሰ ነገሩ አለቀ። ዝም ካለ እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ የታረመ ቃል ከወራት በኋላ ከሚቀርብ ማስተባበያ እጅግ ይሻላል። ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፤ በይቅርታው ውስጥ ደግሞ ሌላ ተስፋ የመስጠት ልማድ ተመልሶ ይገባል።

ኢሜይሉ የሁሉ ነገር መጨረሻ አይደለም፤ ወሰን አለው። አዋጁ በጽሑፍ የሚደረግ ውል የአሠሪውንና የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ ደመወዙንና የሚከፈልበትን መንገድ፣ የውሉን ጊዜና የሁለቱንም ፊርማ እንዲይዝ ይጠይቃል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን ነገሮች የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሠራተኛው መግለጫው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ያ ወረቀት ውሉ እንደሆነ ይቆጠራል። ቅድም ዝምታ መስማማት አይደለም ብለን ነበር፤ በዚህ ስፍራ ግን ዝምታ ያስራል። በአዲስ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ወረቀቱን በሻንጣ ኪስ የከተተ ሰው ኢሜይሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያላነበበው መግለጫ ይበልጥበታል።

ነርሳችን ስለዚህ ጋምቤላ ስትወርድ አራቱን ኢሜይሎች በቅደም ተከተል አትማ ትያዝ። የሚቀርብላትን ውል ከኢሜይሉ ጋር በመስመር በመስመር ታስተያየው፤ መጀመሪያ የሥራ ቦታውን፣ ቀጥሎ ደመወዙን፣ ከዚያ ዘመኑን። ብዙ ድርጅቶች አስቀድሞ የታተመ ፎርም ስላላቸው «ድርጅቱ በሚመድብበት በማንኛውም ቦታ» የሚል ሐረግ ሊያጋጥማት ይችላል። ያን ጊዜ የሰው ሀብት ኃላፊውን «ይቅርታ ጌታዬ፣ በጥር 14ቱ ደብዳቤዎም በመቀበያዬም ቦታው ጋምቤላና ጄዊ ነው የሚለው፤ እዚህም እንደዚያው ይጻፍልኝ» ማለት ትችላለች፤ ወረቀቱም እጇ ላይ ነው። ማስተካከያው በእጅ ተጽፎ የሁለቱም ፊርማ አጠገቡ ይኑር፤ አንዱን ቅጂ እዚያው ተቀብላ ትውጣ።